ገጹ ሲገለጥ

ተረት መጻፍ አንድ ሥራ ነው፤ ተረቱን የሥዕል መጽሐፍ ማድረግ ደግሞ ሌላ። ብዙ ጸሐፊዎች ጽሑፉን እኩል እኩል ቆራርጠው ለሰዓሊ ይሰጣሉ፤ ጥሩ ተረት እንዲህ ሲባክን ማየት ያሳዝነኛል።

መነሻው ወረቀት ነው። አራት ወረቀት ደራርበው መሐሉ ላይ ቢያጥፉት 16 ገጽ ይወጣዋል። ገጽ 1 ለርእሱ፣ ገጽ 2 ለኅትመት መረጃው ይሆናል። ተረቱ በገጽ 3 ይጀምርና ፊት ለፊት በሚተያዩ ስድስት ጥንድ ገጾች አልፎ በገጽ 16 ያበቃል፤ በድምሩ ስምንት ትዕይንት።

ዋናው ጥበብ ያለው ገጽ መግለጡ ላይ ነው። በአማርኛ መጽሐፍ ባለ ጎዶሎ ቁጥሩ ገጽ በስተቀኝ ይውላል። ልጁ የሚገልጠው እሱን ስለሆነ የሚያጓጓው ነገር እዚያ ማለቅ፣ መልሱም ከጀርባው መጠበቅ አለበት።

የእንጀራ ልጇ አልቀርባት ያለውን ሴት ተረት እንውሰድ። ምክር የጠየቀቻቸው ሽማግሌ «ከአንበሳ ጋማ ፀጉር አምጪ» ይሏታል፤ እሷም ሥጋ እያቀረበች ቀን በቀን ትጠጋዋለች። ገጽ 3 ላይ ልጁ እራቱን እንቢ ይላል፤ ገጽ 4 እና 5 ላይ ሴትዮዋ ሽማግሌው ዘንድ ትሄዳለች። የቀጣዮቹን አደራደር እነሆ፦

ገጽ 6–7
ጽሑፍ፦ በመጀመሪያው ቀን ሥጋውን ከሩቅ አስቀመጠች።
ለሰዓሊ፦ እሷ በግራ ጠርዝ፣ አንበሳው በቀኝ ጠርዝ፤ መሐሉ ባዶ ሜዳ።

ገጽ 8–9
ጽሑፍ፦ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ተጠጋች።
ለሰዓሊ፦ ሜዳው ጠቧል። አንበሳው እያያት ነው።

ገጽ 10–11
ጽሑፍ፦ አንድ ቀን እጇን ዘረጋች...
ለሰዓሊ፦ እጇና ጋማው ብቻ፣ ገጽ 11 ላይ። ገና አልነካችውም።

ገጽ 12–13
ጽሑፍ፦ ነቀለች!
ለሰዓሊ፦ አንበሳው ምንም ሳይመስለው ሥጋውን ይበላል።

በመጀመሪያው ረቂቅ «በፍርሃት እየተንቀጠቀጠች፣ ትልቅ ጋማ ወዳለው አንበሳ» የሚል ነበረ። ፍርሃቱንም ጋማውንም ሥዕሉ ስለሚያሳይ ቃላቱ ወጡ። ለሰዓሊ የሚጻፈው ማስታወሻ ደግሞ ጽሑፉ ያላለውን፣ ለታሪኩ ግን የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይይዛል። የቀሚሷን ቀለምና የዛፉን ዓይነት የምታዝዙ ጸሐፊዎች፣ እባካችሁ ያንን ለሰዓሊው ተዉለት። ይልቅስ ፊት የመሰለ ዋና ነገር መጽሐፉ የሚታጠፍበት መሐል ላይ እንዳይወድቅ፣ ለፊደሉም ነጣ ያለ ቦታ እንዲተው አሳስቡት።

ገጽ 14 እና 15 ላይ ሽማግሌው «ልጁንም እንደዚሁ ቅረቢው» ይሏታል። ገጽ 16 ጽሑፍ አያስፈልገውም፤ ልጁ ከእሷ ጋር ከአንድ ገበታ ሲበላ ማሳየት ይበቃል።

ሰዓሊው ቀለም ሳይነካ ጽሑፉን በታጠፈው ወረቀት ላይ በእርሳስ አስፍሩና ለአንድ ልጅ አንብቡለት። አንብባችሁ ሳትጨርሱ ልጁ ሊገልጥ ከተቻኮለ፣ የዚያ ገጽ ጽሑፍ በዝቷልና ቀንሱለት።