ሁለት ጨዋታ በአንድ ስክሪን

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በሚያበቃበት ቀን አሥሩም ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት ይጀመራሉ። ዋንጫው በሁለት ቡድኖች መካከል ተንጠልጥሎ እዚያ ቀን ከደረሰ ተመልካቹ ሁለቱንም ሜዳ እኩል መከታተል ይፈልጋል። 55 ኢንች ቴሌቪዥን ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ፣ በሪሞቱ ላይ ግን PIP የሚል ቁልፍ የለም፤ ሜኑው ውስጥም ስክሪን የሚከፍል ምርጫ አይገኝም። ከሠላሳ ዓመት በፊት የነበሩ አንዳንድ ከባድ ቴሌቪዥኖች ይህን ያደርጉ ስለነበር ነገሩ ወደ ኋላ መመለስ ይመስላል። ብዙ ሰው ጥፋቱን በስክሪኑ ወይም በአምራቹ ስስት ያሳብባል። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ምስል ከገመድ ተነሥቶ ስክሪን እስኪደርስ የሚያልፍበት መንገድ በአብዛኛው ቴሌቪዥን ውስጥ አንድ ብቻ ነው።

የድሮዎቹ እንዴት እንደቻሉ ማየት ነገሩን ያቀለዋል። ሁለት ጣቢያዎች ምስላቸውን የሚልኩት እየተጠባበቁ አይደለም፤ አንዱ የምስሉን አናት ሲልክ ሌላው መሐል ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛው ምስል ተራው እስኪደርስ አንድ ቦታ መቆየት አለበት፤ ለዚህም ትንሽ ሜሞሪ ተገጠመለት። ምስሉን ለማሳነስ የተጠቀሙበት መላ ቀላል ነበር፦ ከሦስት መስመር አንዱን፣ በመስመሩም ላይ ከሦስት ነጥብ አንዱን ብቻ መያዝ። ከሚታዩት 576 መስመሮች 192ቱ ይቀራሉ፤ የሚቀመጠውም የሙሉው ምስል አንድ ዘጠነኛ ብቻ ይሆናል። ሁለት ቲዩነር ያለው ውድ ቴሌቪዥን ሁለት ጣቢያ በራሱ ይይዝ ነበር። አንድ ቲዩነር ያለው ደግሞ ሁለተኛውን ምስል ከቪዲዮ ማጫወቻው ይቀበል ነበር።

ዲጂታል ስርጭት ሲመጣ የሥራው ዓይነት ተለወጠ። ምስሉ ተጨምቆ ስለሚመጣ አንድ መስመር ብቻ ነጥሎ መውሰድ አይቻልም፤ ትንሿን መስኮት ለመሙላት እንኳ ሁለተኛውን ቪዲዮ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ መፍታት፣ ከዚያ ማሳነስ ያስፈልጋል። በኤችዲኤምአይ የሚገባው ምስል በበኩሉ አስቀድሞ ተፈትቶ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ መጠኑ ግዙፍ ነው። ሙሉ ኤችዲ ምስል 1920 በ1080 ነጥብ ሆኖ በሴኮንድ 60 ጊዜ ሲመጣ፣ ለአንድ ነጥብ ሦስት ባይት ብንይዝለት በየሴኮንዱ 370 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ፎርኬ ከሆነ አራት እጥፍ ነው። ሁለተኛውን ምስል ከመጀመሪያው ጋር ለማስማማት ይህን ሁሉ ሜሞሪ ላይ መጻፍና መልሶ ማንበብ ግድ ይላል። ይህ ሁሉ ቢቻል እንኳ ከኋላ ያሉት ሦስት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎች እንዳያታልሉን። በብዙ ርካሽ ቴሌቪዥኖች ሦስቱም የሚያርፉት አንድ መቀበያ ላይ ነው፤ በሪሞት HDMI 1 ወይም HDMI 2 ስንል የምናደርገው ከሦስቱ የትኛው እንዲገባ መምረጥ ብቻ ነው። የኮፒ መከላከያ ቁልፍ መለዋወጥ ያለበትም ይኸው መቀበያ ስለሆነ፣ ሁለት ምንጭ በአንድ ጊዜ ለማሳየት መቀበያው ራሱ ሁለት መሆን አለበት።

እኛ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አብዛኛው ቤት በቴሌቪዥኑ ቲዩነር አያይም፤ በዲሽና በሪሲቨር ነው የሚያየው። ቀደም ያሉ ብዙ የPIP ቴሌቪዥኖች ግን የተሠሩት ዋናው ምስል ከኤችዲኤምአይ፣ ትንሹ ከራሱ ቲዩነር እንዲመጣ ታስቦ ነው። ቲዩነሩ ሥራ ፈት ከሆነ ቁልፉ ቢኖርም ትንሿ መስኮት ጥቁር ሆና ትቀራለች። ወደ ዋንጫው ቀን እንመለስ። ሁለቱም ጨዋታዎች የሚመጡት በአንድ የዲኤስቲቪ ዲኮደር ነው እንበል። ዲኮደሩ በገመዱ የሚያወጣው የተመረጠውን አንድ ቻናል ብቻ ስለሆነ፣ ምርጥ የሚባለው ቴሌቪዥንም ሁለተኛውን ጨዋታ ከየትም ሊያመጣው አይችልም። ጨዋታውን በዲኤስቲቪ፣ ዜናውን ከኢትዮሳት በሌላ ሪሲቨር ማየት የሚፈልግ ሰው ግን ሁለት የተለያዩ ምንጮች አሉት፤ ቴሌቪዥኑ ሁለት መቀበያ ካለው ይሳካለታል።

ሁለት ሪሲቨር ገዝቶ ከአንድ ዲሽ ማስገባት መፍትሔ የሚመስለው አለ፤ እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። ሪሲቨሩ የሚፈልገውን ሞገድ ለኤልኤንቢው የሚነግረው በገመዱ በሚልከው ቮልቴጅ ነው፦ 13 ቮልት ለቨርቲካል፣ 18 ቮልት ለሆሪዞንታል። ባለ አንድ መውጫ ኤልኤንቢ በማከፋፈያ ለሁለት ሪሲቨር ከተሰጠ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሞገድ እስከያዙ ድረስ ችግር የለም። አንደኛው ወደ ሌላኛው ሞገድ ሲዞር ግን የአንዱ ምስል ይጠፋና «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ሪሲቨሩ ተበላሸ ተብሎ የሚጠገነው በዚህ ነው። ሁለቱም ሪሲቨሮች የሚይዙት ከአንድ ሳተላይት ከሆነ የሚያስፈልገው ባለ ሁለት መውጫ ኤልኤንቢና ሁለት ገመድ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሁለት ጥሩ ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው፦ ስልኬ ቪዲዮ በትንሽ መስኮት እያሳየ መልእክት ያጽፈኛል፤ ቴሌቪዥኑ ከስልክ ያንሳል? ስልኩ ላይ ግን የሚፈታው ቪዲዮ አንድ ነው፤ ከጀርባው ያለው ጽሑፍና ቁልፍ ለቺፑ ቀላል ሥራ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል፦ አንድ የፎርኬ ምስል የአራት ሙሉ ኤችዲ ምስሎችን ያህል ነጥብ አለው፤ ታዲያ ፎርኬ የሚፈታ ቺፕ ሁለት ኤችዲ ለምን ያቅተዋል? በስሌት አያቅተውም። የመፍታት ጉልበቱ ባለበት ቴሌቪዥን ላይ የሚጎድለው ሁለተኛ መቀበያ፣ በቂ ሜሞሪና ሁለቱን የሚያዛምድ ሶፍትዌር ነው። እዚህ ላይ ስስት አለ የሚሉት እውነት አላቸው። ሳምሰንግና ኤልጂ Multi View የሚሉትን አገልግሎት ለተመረጡ ሞዴሎቻቸው ብቻ ሰጥተውታል፤ ገበያውን ከፍሎ መሸጥም የውሳኔው አካል ነው ብዬ አምናለሁ። አንድሮይድ ቲቪ በበኩሉ ከ2016 ጀምሮ ትንሿን መስኮት ይፈቅዳል፤ ነገር ግን አፑ ራሱ ካልፈለገ አትከፈትም።

መንገዱ አንድ መሆኑን በግልጽ ያሳየው የዩቲዩብ ቲቪ ውሳኔ ነው። በ2023 አሜሪካ ውስጥ እስከ አራት ጨዋታ በአንድ ስክሪን ማሳየት ሲጀምር፣ ተመልካቾች ቤት ያሉት መሣሪያዎች አራት ቪዲዮ እንዲፈቱ አልጠየቀም። አራቱን ጨዋታዎች በራሱ ሰርቨር ላይ አንድ ምስል አድርጎ ላከ፤ ቴሌቪዥኑ የሚያየው እንደ ወትሮው አንድ ቪዲዮ ነው። ስለዚህ ደካማ መሣሪያም ያሳየዋል። ዋጋው ሌላ ቦታ ተከፈለ፦ ተመልካቹ የፈለጋቸውን ጨዋታዎች በነፃነት ማዋሃድ አልቻለም፤ መጀመሪያ ላይ ዩቲዩብ ቲቪ አስቀድሞ ካዘጋጃቸው ስብስቦች ብቻ ነበር የሚመርጠው።

ሁለት ምስል በአንድ ስክሪን ማየት ፈልጎ ቴሌቪዥን የሚገዛ ሰው በካርቶኑ ላይ ያለውን ቃል አይመን። መመሪያው ውስጥ ዋናው ምስል ከየት፣ ትንሹ ከየት መሆን እንደሚችል የሚዘረዝር ክፍል ካለ እርሱን ያንብብ፤ ሁለት የኤችዲኤምአይ ምንጮች አብረው ካልተፈቀዱ ለሪሲቨርና ለዲኮደር አይሆነውም። ሱቁ ውስጥ ሁለት መሣሪያ ሰክቶ መሞከር የበለጠ አስተማማኝ ነው። በሙከራው ላይ ትንሿን መስኮት ትኩር ብሎ ማየት ይበጃል። አንዱ ምንጭ በሴኮንድ 50፣ ሌላው 60 ምስል ከላከ ቴሌቪዥኑ ለአንዱ ምስል እየዘለለ ወይም እየደገመ ያስማማዋል፤ ኳሱ ረጅም ርቀት ሲሄድ መንገጫገጩ ይታያል። ስክሪኑን እኩል ለሁለት መክፈልም የሚመስለውን ያህል አይሰጥም። 43 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ ሁለት ምስሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ እያንዳንዱ የ21 ኢንች ተኩል ያህል ሆኖ፣ ከላይና ከታች የስክሪኑ ግማሽ ጥቁር ይቀራል። በዚህ መጠን የተጫዋቹን ቁጥር ማንበብ ስለሚቸግር፣ ከ50 ኢንች በታች አንዱን ጨዋታ ሙሉ አድርጎ ሌላውን ጥግ ላይ በትንሹ ማስቀመጥ ይሻላል። ያን ማድረግ የማይችል ቴሌቪዥን ያለው ሰው ሁለት ኤችዲኤምአይ ተቀብሎ አንድ የሚያወጣ መልቲቪወር የተባለ ሣጥን ሊገዛ ይችላል፤ ሁለተኛው መንገድ ያኔ ከቴሌቪዥኑ ውጭ ይሠራለታል። ሣጥኑ የኮፒ መከላከያውን የማይቀበል ከሆነ ግን ከዲኮደሩ የሚመጣው ምስል ስለማይታይ፣ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት በራሱ ዲኮደር ያስሞክረው።