የመጀመሪያው ዝናም ወደ ታንከር አይግባ

በበጋ ወራት በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አቧራ፥ ቅጠልና የወፍ ኩስ ይከማቻል። የመጀመሪያው ዝናም ይህን ሁሉ አጥቦ በአሸንዳው ያወርደዋልና፥ ይህ ውሃ ወደ ታንከሩ ሳይደርስ መቅረት አለበት።

ዘዴው ቀላል ነው። ከአሸንዳው በሚወርደው ቧንቧ ላይ፥ ወደ ታንከሩ ከሚታጠፍበት ስፍራ፥ ታችኛው ጫፉ የተደፈነ ሌላ ቧንቧ ቁልቁል ይቀጠላል። እድፋሙ ውሃ አስቀድሞ ይህን ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የጠራ ውሃ በላዩ አልፎ ወደ ታንከሩ ይሄዳል። ጣሪያው የሚሸፍነው ስፋት 40 ካሬ ሜትር ቢሆንና የመጀመሪያውን ግማሽ ሚሊሜትር ዝናም እንተወው ብንል፥ 20 ሊትር ይሆናል። የውስጥ ስፋቱ 10 ሳንቲሜትር የሆነ ቧንቧ በየሜትሩ 8 ሊትር ያህል ስለሚይዝ፥ ሁለት ሜትር ተኩል ይበቃል። ለዚህች 20 ሊትር መሳሳት አይገባም፤ በዚያው ጣሪያ ላይ 10 ሚሊሜትር ቢዘንብ 400 ሊትር ይወርዳልና።

በታችኛው መክደኛ ላይ ውሃው በዝግታ ተንጠባጥቦ እንዲያልቅ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል። ቀዳዳው በቅጠል ከተደፈነ ቧንቧው እንደ ሞላ ይቀራል፤ የሚቀጥለውም እድፍ በቀጥታ ወደ ታንከሩ ይገባል። ስለዚህ ዝናም ባቆመ ማግስት ቧንቧውን ማንኳኳት ነው፤ ባዶው ይጮኻል፥ የሞላው ድምፁ ይታፈናል።

የትርፍ ውሃ መውጫው ከመግቢያው የጠበበ አይሁን፤ ትንኝ እንዳይገባ አፉ በጥቅጥቅ ወንፊት ይሸፈን፥ ውሃውም ከቤቱ መሠረት ርቆ ይፍሰስ። ለመጠጥ የሚቀዳው ግን አሁንም መፍላት አለበት።