ተዘበራርቆ የደረሰ ፍርድ

አዲስ አበባ ያለ ቤተሰብ የፍርድ ግልባጭ ከፍርድ ቤት ያወጣና ገጽ በገጽ በስልክ ያነሳዋል። ፎቶዎቹ በቴሌግራም ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ወዳለው ባለጉዳይ ይላካሉ። ባለጉዳዩ ሲከፍት መጀመሪያ የሚያገኘው የመጨረሻውን ገጽ ነው፤ ላኪው “ዋናው እሱ ነው” ብሎ አስቀድሞታል። ከዚያ መሃሉ ይመጣል፣ አንዱ ገጽ ሁለት ጊዜ ይደገማል፣ የፍርድ ቤቱ ስምና የመዝገብ ቁጥሩ ያለበት ገጽ አምስተኛ ሆኖ ብቅ ይላል። የገጽ ቁጥር የሚታተምበት ግርጌ ከፎቶው ውጪ ቀርቷል። ባለጉዳዩም ወረቀት ማንበብ ለሚችል ዘመድ ወይም ወዳጅ ያስተላልፈውና “በአጭሩ ምን ይላል?” ብሎ ይጠይቃል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ፎቶዎቹን በደረሱበት ተራ እያነበበ የእያንዳንዱን ጭብጥ መጻፍ ነው። ፍርድ ግን እንዲህ ቢነበብ ትርጉሙ ሊገለበጥ ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ገጾች የከሳሽን አቤቱታ የሚተርኩ ናቸው፤ ትረካው “ተከሳሽ ገንዘቡን ወስዶ አልመለሰም” እያለ እንደተረጋገጠ ነገር ይወርዳል። የከሳሽ ቃል መሆኑን የሚነግረን ከብዙ መስመር በኋላ የሚመጣው “በማለት ከሷል” የሚለው መዝጊያ ነው። መዝጊያው ሌላ ገጽ ላይ ካረፈ፣ ክሱን የዳኛው ግኝት አድርጎ ማንበብ ቀላል ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። ከሳሽ 180,000 ብር አበድሬአለሁ ይላል፤ ዋናውን ገንዘብና ሕጋዊ ወለድ ይጠይቃል። ተከሳሽ መበደሩን አምኖ 60,000 ብር መልሻለሁ ብሎ ይከራከራል። ስምንት ፎቶ ደርሶናል። የመጀመሪያው ሥራ ለፎቶዎቹ ስም መስጠት ነው፤ ቁጥር ከሰጠናቸው በኋላ ከገጽ ቁጥር ጋር ስለሚደበላለቅ በፊደል ብንጠራቸው ይሻላል፦ በደረሱበት ተራ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ። በእያንዳንዱ ፊደል አጠገብ ሦስት ነገር ይጻፋል፦ ገጹ የሚጀምርበት ሐረግ፣ የሚያልቅበት ሐረግ፣ በዳርቻው የሚታይ ማንኛውም ምልክት። ገና ምንም አናሳጥርም።

አንዳንዱ የፎቶውን ሰዓት ተከትሎ መደርደር ይቀናዋል። ብዙ ስልክ ፎቶውን IMG_20240512_101533.jpg በመሰለ ስም ያስቀምጠዋል፤ ቀኑና ሰዓቱ እስከ ሰከንዱ በስሙ ውስጥ አለ። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ግን ይህ ስም ይጠፋል፣ ምስሉም ይጨመቃል፤ ስሙ የሚተርፈው እንደ ፋይል ሲላክ ነው። ቢተርፍም የሚነግረን የተነሳበትን ተራ እንጂ የገጹን ተራ አይደለም። አንሺው መጀመሪያ ፊቶቹን ሁሉ አንስቶ ጀርባዎቹን በኋላ አንስቶ ሊሆን ይችላል።

ጠንካራው ማስረጃ ያለው ገጽ ከገጽ በሚገናኝበት መስመር ላይ ነው። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ገጹ ዓረፍተ ነገሩን መሃል ላይ ከቆረጠው ፍርዱን የሚወስነው ቃል ወደ ሚቀጥለው ገጽ ይሄዳል። በምሳሌአችን ፎቶ ሰ የሚያልቀው “ተከሳሽ ወለዱን ክሱ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ሊከፍሉ” ብሎ ነው። ፎቶ ሐ የሚያልቀው ደግሞ “ከዚህ በላይ ልጠየቅ” ብሎ። ለእነዚህ ሁለት ጅራቶች ሁለት ራሶች አሉ፤ ፎቶ ሀ “ይገባል ብለናል” ብሎ ይጀምራል፣ ፎቶ ሸ “አይገባኝም በማለት ተከራክረዋል” ብሎ።

እዚህ ላይ ባለቤቱን ማየት ነው። “ልጠየቅ” የሚለው ራሱ ተከሳሹ ስለሆነ “አይገባኝም” ይከተለዋል፤ “ሊከፍሉ” የሚለው ስለ ሌላ ሰው የተነገረ ነውና “ይገባል” ይከተለዋል። “ብለናል” የችሎቱ ድምፅ ነው፣ “ተከራክረዋል” የተከራካሪው። ስለዚህ ሐ ከሸ፣ ሰ ከሀ ጋር ይጋጠማሉ። በችኮላ ሰን ከሸ ጋር ያጋጠመ ሰው “ሊከፍሉ አይገባኝም” የሚል ሰዋስው የማይቀበለው ነገር ፊቱ ይደቀናል። ጆሮው ካልነቃ ግን “አይገባም” ብሎ አርሞ ያልፈውና፣ ወለድ የተፈረደበትን ሰው ወለድ የለብህም ይለዋል።

ፎቶ መ ለየት ያለ ነው። የመዝገብ ቁጥሩ ያው ነው፣ ሰዎቹም ያው ናቸው፤ ግን ከላይ እስከ ታች “ተበድሬአለሁ፣ ከፍያለሁ” እያለ በአንደኛ መደብ ይናገራል፣ ግርጌው ላይም የተከሳሹ ፊርማ አለ። ይህ ፍርድ አይደለም፣ አብሮ የተነሳ የተከሳሽ መልስ ነው። ተመሳሳይ የመዝገብ ቁጥር አንድ ሰነድ መሆኑን አያረጋግጥም፤ አንድ መዝገብ ውስጥ ክሱም፣ መልሱም፣ ማስረጃውም፣ ፍርዱም አለ። መን እንጥለው ማለት አይደለም፣ ለብቻው ይቀመጣል። ሐ እና ረ አንድ ገጽ ናቸው፤ የጠራውን እንይዛለን፣ በሌላኛው ደግሞ የደበዘዘ አኃዝ እናመሳክራለን። 3 እና 8፣ 1 እና 7 በተጨመቀ ፎቶ ላይ ይመሳሰላሉ፤ ገንዘቡ በቅንፍ ውስጥ በፊደልም ተጽፎ ከሆነ የሚታመነው እሱ ነው።

እስካሁን የተገኘው ተራ ሠ፣ ለ፣ ሐ፣ ሸ፣ ሰ፣ ሀ ነው። ሸ የሚያልቀው “ሁለቱ የተከሳሽ ምስክሮች 20,000 ብር በእጅ ሲከፈል አይተናል ብለው መስክረዋል።” በሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ሰ የሚጀምረው “ወለድን በተመለከተ” ብሎ በአዲስ አንቀጽ ነው። ስፌቱ ምንም አይታይበትም። እኔ ግን ከተቆረጠ ዓረፍተ ነገር ይልቅ እንዲህ በአራት ነጥብ የተዘጋ ገጽ ያስፈራኛል፤ የተቆረጠው ቀሪውን ፈልጉልኝ ይላል፣ የተዘጋው ዝም ይላል።

ዝምታውን የሚሰብረው ሒሳብ ነው። ተከሳሽ ከፈልኩ ያለው 60,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 40,000ው በባንክ ደረሰኝ መረጋገጡን ሸ ላይ አንብበናል፤ የቀረው 20,000 በምስክር ብቻ የቀረበ ነው። ሀ ላይ ያለው ውሳኔ ተከሳሽ 140,000 ብር ይክፈል ይላል። ከ180,000 ላይ 140,000 ሲቀነስ 40,000 ነው እንጂ 60,000 አይደለም። ስለዚህ ችሎቱ የምስክሮቹን 20,000 ብር አልተቀበለም፤ ለምን እንዳልተቀበለ የሚናገር አንድም መስመር ግን በእጃችን የለም። ሰነዱ መሃል ላይ ጎድሏል።

ሁለተኛ ማስረጃ ደግሞ ወረቀቱ ራሱ ይሰጠናል። ግልባጩ ፊትና ጀርባ የታተመ ነው። የስቴፕለር ሽቦው በፊተኛው ገጽ ላይ በላይኛው ግራ ማዕዘን ይታያል፣ ሉኩ ሲገለበጥ በቀኝ ይሆናል። በሠ ላይ ግራ ነው፣ በለ ቀኝ፣ በሐ ግራ፣ በሸ ቀኝ። በሰ ላይም ቀኝ ነው፣ በሀ እንደገና ግራ። ሸ እና ሰ ሁለቱም ጀርባ ናቸው፤ ሁለት ጀርባ ደግሞ ተከታትሎ ሊመጣ አይችልም። አንሺው ሉኩን ገልብጦ ጀርባውን ሲያነሳ ፊቱን ዘሎታል። ሒሳቡ ምን እንደጎደለ ነገረን፣ ሽቦው የት እንደጎደለ። (የብራና ጸሐፊዎቻችን የጥራዞቹን ተራ በግዕዝ ቁጥር ጽፈው ያልፉ የነበረው በከንቱ አልነበረም።)

ሕግ የሚያውቅ አንባቢ የጎደለውን ምክንያት ለመገመት አይቸገርም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድርም ሆነ የብድር ክፍያ በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም በመሐላ ካልሆነ እንደማይረጋገጥ ይደነግጋል፤ በምስክር አይሆንም። ግምቱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ችሎቱ ምስክሮቹን ያልተቀበለው ቃላቸው ስለተጋጨ ሊሆንም ይችላል፤ ይግባኝ ለሚያስብ ሰው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። ስለዚህ ግምት ማጠቃለያው ውስጥ አይገባም።

ማጠቃለያው የሚጻፈው አሁን ነው፤ ቅርጹን የሚወስደውም ከፎቶዎቹ ተራ ሳይሆን ከፍርዱ አካል ነው፦ ማን ማንን ከሰሰ፣ ምን ተጠየቀ፣ ምን ተመለሰ፣ ጭብጡ ምን ነበር፣ ማስረጃው እንዴት ተመዘነ፣ ምን ተወሰነ። ከየዓረፍተ ነገሩ ጀርባ የመጣበት ፎቶ ይጠቀሳል፣ የተናገረውም ሰው ይለያል። የምሳሌአችን ይህን ይመስላል፦

ክስ፦ ከሳሽ ያበደርኩት 180,000 ብር ከነወለዱ ይከፈለኝ ብለዋል (ሠ፣ ለ)።
መልስ፦ ተከሳሽ ብድሩን አምነው 60,000 ብር መልሻለሁ ብለዋል (ሐ፣ ሸ)።
ጭብጥ፦ 60,000 ብሩ ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም? (ሸ)
ማስረጃ፦ 40,000 ብር በባንክ ደረሰኝ ተረጋግጧል፤ ስለ 20,000 ብር ሁለት ምስክሮች ተሰምተዋል (ሸ)።
የምስክሮቹ ምዘና፦ ገጹ ጎድሏል፤ ከውሳኔው አኃዝ እንደሚታየው 20,000 ብሩ አልተቀነሰም።
ውሳኔ፦ ተከሳሽ 140,000 ብር፣ ክሱ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ከሚታሰብ 9 በመቶ ወለድ ጋር ይክፈሉ (ሰ፣ ሀ)።

አንድ ነገር ይቀራል፣ ቀኑ። በግልባጩ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ቀን አለ፤ አንዱ ሠ ራስጌ ላይ ያለው ፍርዱ የተሰጠበት ነው፣ ሌላው ሀ ላይ ከማኅተሙ አጠገብ የተጻፈው ግልባጩ የወጣበት። ሀን አስቀድሞ ያየ ሰው ሁለተኛውን ቀን ይይዛል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 323 ይግባኝ እንዲቀርብ የሚፈቅደው ፍርዱ ከተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው። ፍርዱ ግንቦት 6 ተሰጥቶ ግልባጩ ግንቦት 27 ቢወጣ፣ በተሳሳተው ቀን የሚቆጥር ሰው የሌለውን 21 ቀን አለኝ ብሎ ይቀመጣል። ሁለቱም ቀኖች በማጠቃለያው አናት ላይ ከየስማቸው ጋር መጻፍ አለባቸው።

የጎደለውን ገጽ ስትጠይቁ “እንደገና ላኩልኝ” አትበሉ፤ ሌላ የተዘበራረቀ ክምር ይመጣላችኋል። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ “‘ወለድን በተመለከተ’ ብሎ የሚጀምረውን ገጽ ፈልጉ፣ ሉኩን ገልብጡና ፊቱን አንሱት። አራቱም ማዕዘኖች ይታዩ፣ እንደ ፋይል ላኩት።” ገጹ እስኪደርስ ድረስ ይግባኝ እንበል ወይስ ይቅር የሚለውን በዚህ ማጠቃለያ ብቻ አትወስኑ፤ የ60 ቀኑ ቆጠራ ግን ገጹን አይጠብቅምና መልእክቱን ዛሬውኑ ላኩ።