መሪው ቢወድቅም የተሰጠው ቃል አይወድቅም

አንዲት ደንበኛ በስልኳ 500 ብር ለእህቷ ላከች እንበል። ስልኩ «ተሳክቷል» አላት። ወዲያው ግን ትእዛዙን የተቀበለው ሰርቨር መብራት ጠፍቶበት ዝም አለ። ገንዘቡ የት ደረሰ? ዝውውሩ የተመዘገበው በዚያ ማሽን ላይ ብቻ ከሆነ፣ ማሽኑ እስኪነሳ ድረስ የሚያውቅ የለም። ዲስኩ ከተበላሸ ደግሞ መዝገቡ እስከ ወዲያኛው ጠፍቷል። ለዚህ ነው አንድ መዝገብ በሦስት ወይም በአምስት ሰርቨሮች ላይ እንዲቀመጥ የሚደረገው። ቅጂው ሲበዛ ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ ቅጂዎቹ ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚታመነው የትኛው ነው?

ለዚህ ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ዋነኛው መልስ ሌስሊ ላምፖርት የነደፈው ፓክሶስ ነበር። ትክክለኛነቱ የተመሰከረለት ቢሆንም ተማሪውንም ባለሙያውንም ያስቸግር ነበር። በ2014 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዎቹ ዲዬጎ ኦንጋሮ እና ጆን አውስተርሃውት፣ ሰው በቀላሉ እንዲረዳው ብለው የነደፉትን ራፍት የተባለ ዘዴ አቀረቡ። ዛሬ ኩበርኔቲስ መረጃውን የሚያኖርበት `etcd` የሚሠራው በራፍት ነው።

የራፍት መነሻ አጭር ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚያዝዝ አንድ መሪ ይኑር፣ ሌሎቹ ይከተሉ። መሪው ከደንበኛ የተቀበለውን ትእዛዝ በራሱ መዝገብ ላይ ቁጥር ሰጥቶ ይጽፋል፤ ከዚያም ለተከታዮቹ ይልካል። ከአምስቱ ሦስቱ፣ መሪውን ጨምሮ፣ በዲስካቸው ላይ ሲጽፉት ትእዛዙ ጸና ይባላል። ለደንበኛዋ «ተሳክቷል» የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንድ ሰከንድ እንኳ ቀድሞ አይባልም።

መሪው ሥራ ባይኖረውም በየጊዜው «አለሁ» የሚል አጭር መልእክት ለተከታዮቹ ይልካል። እያንዳንዱ ተከታይ ደግሞ የራሱ ሰዓት አለው። የራፍት ጸሐፊዎች በምሳሌነት ያቀረቡት ከ150 እስከ 300 ሚሊሰከንድ ያለውን ጊዜ ሲሆን፣ ሁሉም በዚህ መካከል በዕጣ የየራሱን ቁጥር ይይዛል። ሰዓቱ እስኪሞላ ድረስ ከመሪው ድምፅ ያልሰማ ተከታይ እጩ ሆኖ ይነሳል። ቁጥሩ በዕጣ መሆኑ ትልቅ ጥቅም አለው። ሁሉም እኩል ቢጠብቁ እኩል ይነሱ ነበር፤ እያንዳንዱም ለራሱ ድምፅ ሰጥቶ አሸናፊ ሳይኖር ይቀር ነበር።

አሁን ወደ ደንበኛዋ እንመለስ። አምስቱን ሰርቨሮች «ሀ»፣ «መ»፣ «ረ»፣ «ሰ» እና «ቀ» እንበላቸው። መሪው «ሀ» ነው፤ የሥልጣን ዘመኑም 2ኛው ነው። እስከ 4ኛው መስመር ድረስ የአምስቱም መዝገብ አንድ ነው። የ500 ብሩ ዝውውር 5ኛው መስመር ሲሆን በ«ሀ»፣ በ«መ» እና በ«ረ» ላይ ተጽፏል። ሦስት ስለሆኑ ጸንቷል፤ ደንበኛዋም መልሷን አግኝታለች። «ሀ» ከሌላ ደንበኛ የመጣ 6ኛ መስመር በራሱ ላይ ብቻ እንደጻፈ መብራቱ ጠፋ።

መጀመሪያ ሰዓቱ የሞላበት «ሰ» ነው እንበል። ዘመኑን ወደ 3 ከፍ አድርጎ ለራሱ ድምፅ ይሰጣል፤ ሌሎቹንም «ምረጡኝ» ይላል። ከጥያቄው ጋር የመዝገቡን የመጨረሻ መስመር ይገልጻል፤ 4ኛ መስመር፣ በ2ኛው ዘመን የተጻፈ። «ቀ» መዝገቡ ከእሱ የማይበልጥ ስለሆነ ይመርጠዋል። «መ» እና «ረ» ግን 5ኛ መስመር አላቸው፤ ስለዚህ ይከለክሉታል። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ከራስህ መዝገብ ያነሰ መዝገብ ላለው እጩ ድምፅ አትስጥ። መዝገቦች ሲነጻጸሩ መጀመሪያ የሚታየው የመጨረሻው መስመር የተጻፈበት ዘመን ነው፤ ዘመኑ እኩል ከሆነ የመስመሩ ቁጥር ይታያል። «ሰ» ሁለት ድምፅ ብቻ ይዞ ይቀራል፤ ማሸነፊያው ሦስት ነው።

ቀጥሎ «መ» ይነሳል። ዘመኑ 4 ይሆናል። «ረ»፣ «ሰ» እና «ቀ» ይመርጡታል፤ መሪም ይሆናል። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ዝውውሩን የጻፉት ሦስት ናቸው፤ ለማሸነፍም ሦስት ድምፅ ያስፈልጋል። ከአምስት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሦስት ሦስት ብትመርጡ ቢያንስ አንዱ መደገሙ አይቀርም። ስለዚህ የጸናውን መስመር የሚያውቅ ቢያንስ አንድ መራጭ ሁልጊዜ ይገኛል፤ እሱም የማያውቀውን እጩ አይመርጥም።

አዲሱ መሪ በ4ኛው ዘመን ምንም ትእዛዝ የሌለው ባዶ መስመር 6ኛ አድርጎ ይጽፋል። ምክንያቱም 5ኛው መስመር ለደንበኛ ቃል የተገባበት መሆን አለመሆኑን በእርግጠኝነት አያውቅም። የቅጂውን ብዛት መቁጠርም ብቻውን አይበቃውም፤ በአሮጌ ዘመን የተጻፈ መስመር በሦስት ሰርቨሮች ላይ ቢገኝም፣ መዝገቡ በኋለኛ ዘመን መስመር የሚያልቅ ሌላ እጩ አሸንፎ ሊሰርዘው የሚችልበት አጋጣሚ አለ። የራሱ ዘመን መስመር በሦስት ሰርቨሮች ላይ ሲሰፍር ግን ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ አብሮ ይጸናል።

ባዶውን መስመር ሲልክ «ከዚህ በፊት ያለው 5ኛው መስመርህ የ2ኛው ዘመን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «ሰ» 5ኛ መስመር ስለሌለው አይቀበልም። መሪው አንድ እርምጃ ወደኋላ ይመለሳል፤ «4ኛውስ?» ይላል። እዚያ ላይ ይስማማሉ፤ 5ኛውና 6ኛውም ይላኩለታል። መብራቱ መጥቶ «ሀ» ሲነሳም በመሪነት አይቀጥልም፤ ተከታይ ሆኖ ይጀምራል። 5ኛው ላይ ይስማማል፤ 6ኛው ግን የእሱ የ2ኛው ዘመን ነው፣ የመሪው የ4ኛው። የራሱን ሰርዞ የመሪውን ይጽፋል። በተሰረዘው መስመር የተጎዳ ቃል የለም፤ ያ ደንበኛ «ተሳክቷል» አልተባለም። እሱ ትእዛዙን እንደገና ይልካል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ መልስ ያልደረሰው ትእዛዝ አንዳንዴ ጸንቶ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ትእዛዝ የራሱ መለያ ቁጥር ከሌለው ያው ገንዘብ ሁለት ጊዜ ይወጣል።

ራፍት ወሰን አለው። ከአምስቱ ሁለቱ ቢወድቁ ሥራው ይቀጥላል፤ ሦስቱ ከወደቁ አዲስ ትእዛዝ መጽናቱ ይቆማል። ሆን ብሎ የሚዋሽ ሰርቨርንም አይከላከልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በዲስኩ ላይ ይመካል። ሰርቨር ዘመኑንና ለማን ድምፅ እንደሰጠ ከመመለሱ በፊት ዲስክ ላይ መጻፍ አለበት። ይህን ረስቶ ከተነሳ በአንድ ዘመን ሁለት ጊዜ ሊመርጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሁለት መሪ ይኖራል።

`etcd` የምታስተዳድሩ ሁኔታውን በዚህ ትእዛዝ ታያላችሁ፦

```
etcdctl endpoint status --cluster -w table
```

`IS LEADER` በሚለው ዓምድ `true` የሚለው አንዱ ብቻ መሆን አለበት። `RAFT TERM` የሚለው ቁጥር ማንም ሳይነካው በየሰዓቱ እየጨመረ ከሄደ ምርጫ እየተደጋገመ ነው፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ዘገምተኛ ዲስክ ወይም የሚቆራረጥ ኔትወርክ ነው። ዲስኩ ዘገየ ብላችሁ ግን `--unsafe-no-fsync` የሚለውን አማራጭ አታብሩ። ፈጣን ዲስክ ግዙ። ደንበኛዋ «ተሳክቷል» የሚለውን ያመነችው ሦስት ዲስኮች በእርግጥ ጽፈውታል ተብሎ ነው።