አንድ እርምጃ ፈቀቅ ያለ ፖሊኖሚያል

x⁴ + x³ + x² + x + 1 የሁለት ትናንሽ ፖሊኖሚያሎች ብዜት ሆኖ ሊጻፍ ይችላል? መልሱ «አይችልም» ነው። ችግሩ ማረጋገጡ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ሞክሮ ማጣት ማረጋገጫ አይሆንም፤ ምናልባት ያልሞከርነው ይኖራላ።

ይህ ፖሊኖሚያል የመጣው ክብን አምስት ቦታ እኩል ከመክፈል ነው። x⁵ − 1ን በx − 1 ስናካፍል የምናገኘው እሱን ነው። በ5 ፈንታ ሌላ ብቸኛ ቁጥር p ብንወስድ፣ ከxᵖ⁻¹ ጀምሮ እስከ 1 የሚወርድ፣ ኮፊሸንቶቹ ሁሉ 1 የሆኑ ተመሳሳይ ፖሊኖሚያል ይወጣል። የሂሳብ ሰዎች ሳይክሎቶሚክ ይሉታል። ካርል ፍሪድሪሽ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1801 ባሳተመው «ዲስኩዚሲዮኔስ አሪትሜቲኬ» እንደማይፈርስ አረጋግጧል፤ መንገዱ ግን ረጅም ነበር። አጭሩን መንገድ ያመጡት ሌሎች ሁለት ጀርመናውያን ናቸው፦ ቴዎዶር ሾነማን በ1846፣ ጎትሆልድ አይዘንሽታይን ደግሞ በ1850። ዛሬ መስፈርቱ የሚጠራው በሁለተኛው ስም ነው፤ ለሾነማን ፍትሐዊ አይመስለኝም።

መስፈርቱ እንዲህ ይላል። ኮፊሸንቶቹ ሙሉ ቁጥሮች የሆኑ ፖሊኖሚያል አለ እንበል፤ የመጀመሪያው ኮፊሸንት 1 ነው። የቀሩት ሁሉ ለአንድ ብቸኛ ቁጥር ያለ ቀሪ ከተካፈሉ፣ የመጨረሻው ቁጥር ግን ለዚያ ብቸኛ ቁጥር ስኩዌር ካልተካፈለ፣ ፖሊኖሚያሉ አይፈርስም።

የእኛን ስናየው ኮፊሸንቶቹ ሁሉ 1 ናቸው። 1 ለየትኛውም ብቸኛ ቁጥር አይካፈልም፤ ስለዚህ መስፈርቱ ዝም ይላል። ዝም አለ ማለት ግን ፖሊኖሚያሉ ይፈርሳል ማለት አይደለም።

ዘዴው xን አውጥቶ በቦታው y + 1 መተካት ነው። ይህን ማድረግ ምንም አያበላሽም፤ የመጀመሪያው ከፈረሰ በሁለቱም ቁራጮች ውስጥ y + 1 በመተካት አዲሱም ይፈርሳል፣ በy ቦታ x − 1 ስንመልስ ደግሞ የተገላቢጦሹ ይሆናል። (y + 1)⁵ ሲዘረዘር y⁵ + 5y⁴ + 10y³ + 10y² + 5y + 1 ነው። 1 ቀንሰን በy ስናካፍል የሚቀረው ይህ ነው፦

y⁴ + 5y³ + 10y² + 10y + 5

ተደብቆ የነበረው 5 ብቅ አለ። 5፣ 10፣ 10 እና 5 ሁሉም ለ5 ይካፈላሉ፤ የመጨረሻው 5 ግን ለ25 አይካፈልም። ማረጋገጫው አለቀ።

መስፈርቱ ራሱ ለምን እንደሚሠራ እዚሁ ማየት ይቻላል። ፖሊኖሚያሉ (y² + ay + b)(y² + cy + d) ሆኖ ፈረሰ እንበል፤ ፊደሎቹ ሙሉ ቁጥሮች ናቸው፣ ክፍልፋይ መፍቀድ አዲስ ዕድል እንደማይሰጥ ጋውስ አሳይቷል። b እና d ሲባዙ 5 ስለሚሆኑ ለ5 የሚካፈለው አንዱ ብቻ ነው፤ b ይሁን። የy ኮፊሸንት ad + bc = 10 ነው። bcም 10ም ለ5 ስለሚካፈሉ ad ይካፈላል፤ d ስለማይካፈል የሚካፈለው a ነው ማለት ነው። አሁን የy²ን ኮፊሸንት እንይ፦ b + ac + d = 10። bም acም 10ም ለ5 ይካፈላሉ፤ እንግዲያው dም ይካፈላል። አይካፈልም ብለን ነበር! አንዱ ቁራጭ y + a ብቻ የሆነበትም በዚሁ መንገድ ውድቅ ይሆናል።

ለማንኛውም ብቸኛ ቁጥር p ሥራው ያው ነው፤ የመሃል ኮፊሸንቶቹን የፓስካል ሦስት ማዕዘን p-ኛ ረድፍ ይሰጠናል። እያንዳንዳቸው ሲሰሉ ላይ p አለ፣ ታች ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ግን ከp ስለሚያንሱ ሊያጠፉት አይችሉም። የመጨረሻው ቁጥር ምንጊዜም ራሱ p ነው።

ብቸኛ ባልሆነው 4 ብንሞክርስ? x³ + x² + x + 1 ወደ y³ + 4y² + 6y + 4 ይለወጣል። 4፣ 6 እና 4 ለ2 ይካፈላሉ፤ ነገር ግን የመጨረሻው 4 ለ2 ስኩዌርም ይካፈላል፣ መስፈርቱም እዚያው ይወድቃል። እዚህ መውደቁ በከንቱ አይደለም፤ ፖሊኖሚያሉ በእርግጥ (x + 1)(x² + 1) ነውና።

«አይፈርስም» ያልነው ሙሉ ቁጥርና ክፍልፋይ ብቻ እስከተጠቀምን ድረስ ነው። √5 ከተፈቀደ የአምስቱ ፖሊኖሚያል ለሁለት ይከፈላል፤ ሁለቱም ቁራጮች x² + kx + 1 የሚል መልክ አላቸው፣ k በአንዱ (1 + √5)/2፣ በሌላው (1 − √5)/2 ነው። አባዝታችሁ አረጋግጡ።