መብራት ሲሄድ ጨዋታው የት ላይ ይቀራል?

«ስታርዱ ቫሊ» በተባለው የእርሻ ጨዋታ ውስጥ ሴቭ የሚያደርግ ቁልፍ የለም። ተጫዋቹ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይነሣል፣ አትክልቱን ያጠጣል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ሱቅ ይወርዳል፤ ካሻው እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ ያመሻል። በኮምፒውተር ለሚጫወት ሰው የዋለበት ሥራ የሚመዘገበው ግን ቀኑ ሲያልቅ ብቻ ነው። ይህ ሙሉ ቀን በእኛ ሰዓት ሲለካ 14 ደቂቃ ገደማ ነው። መብራት በድንገት ቢሄድ ተጫዋቹ ያን ቀን ብቻ ያጣል፤ ትናንት ማታ የተኛበት እርሻ እንዳለ ይጠብቀዋል።

አሜሪካዊው ኤሪክ ባሮን እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ይህ ጨዋታ መብራት ለሚቆራረጥበት ቤት የሚስማማው በዚህ ምክንያት ነው። ጨዋታው በቀናት ተከፋፍሏል፣ እያንዳንዱ ቀን አጭር ነው፣ በየቀኑ መጨረሻም ምዝገባው ተጫዋቹ ሳይጠይቅ በራሱ ይከናወናል። ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ለሚጫወት ወጣት፣ ጨዋታ ሲመርጥ ከግራፊክሱ አስቀድሞ ሊያየው የሚገባ ነገር ነው እላለሁ።

በአገራችን ጌም ቤቶች የሚዘወተረው የእግር ኳስ ጨዋታም በዚሁ መንገድ ከመብራቱ ጋር ይኖራል። አንዱ አጋማሽ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ላይ ይስተካከላል፤ ሒሳቡም በጨዋታ ነው የሚከፈለው። ግጥሚያው መሐል ላይ ሴቭ አይደረግም። በ30ኛው ደቂቃ መብራት ከሄደ የገባውም ጎል አብሮ ይሄዳል፣ ልጆቹም ከዜሮ ይጀምራሉ። ጉዳቱ ከአንድ ግጥሚያ አያልፍም። ቤቱ ተቀምጦ ክለብ እያሠለጠነ ለወራት የሚጫወት ሰው ግን በሌላ ቦታ ላይ ነው ያለው፤ ዝውውሩ፣ የደረጃ ሠንጠረዡ፣ የቡድኑ ታሪክ ሁሉ በአንድ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። ፋይሉ የሚጻፈው በግጥሚያዎች መካከል ነው። መብራት በዚያች ቅጽበት ሲሄድ የሚደርሰው ጉዳት አንድ ግጥሚያ ከማጣት ፈጽሞ የተለየ ነው።

ብዙ ተጫዋች የማያውቀው ይህን ነው። መብራት ሲሄድ ሁለት ዓይነት ጉዳት ሊደርስ ይችላል። አንደኛው፣ መጨረሻ ከተመዘገበበት ጊዜ ወዲህ የተሠራው ሥራ መጥፋቱ ነው። አጭር ጨዋታና ቶሎ ቶሎ የሚደረግ ምዝገባ ይህን ያሳንሱታል። ሁለተኛው፣ ፋይሉ እየተጻፈ ሳለ ኃይል በመቋረጡ ግማሹ አዲስ ግማሹ ባዶ ሆኖ መቅረቱና ጨዋታው ጨርሶ አልከፍት ማለቱ ነው። ይህኛው ጉዳት ምዝገባው በበዛ ቁጥር አይቀንስም። እንዲያውም በየደቂቃው የሚጽፍ ጨዋታ፣ መብራቱ በሚጽፍበት ቅጽበት ላይ የመሄዱን ዕድል ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ አውቶሴቭ አለው ማለት ብቻ አይበቃም፤ እንዴት እንደሚጽፍ መታወቅ አለበት።

በግዴለሽነት የተሠራ ጨዋታ የነበረውን ፋይል ይከፍትና በላዩ ላይ አዲሱን ይጽፋል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ እስኪጨርስ ድረስ በዲስኩ ላይ አሮጌውም አዲሱም ሙሉ ሆኖ የለም። በጥንቃቄ የተሠራው ግን አሮጌውን አይነካም። አስቀድሞ በሌላ ስም ጊዜያዊ ፋይል ይፈጥርና ሁሉንም እዚያ ላይ ይጽፋል። ቀጥሎ የጻፈው በእርግጥ ዲስኩ ላይ መድረሱን ያረጋግጣል፤ ኮምፒውተሩ ፍጥነት ለመጨመር ሲል «ጽፌያለሁ» ብሎ መረጃውን ለጥቂት ሰከንዶች በማስታወሻው ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ይህ እርምጃ መዘለል የለበትም። በመጨረሻ አሮጌውን ወደ ጎን አድርጎ ለአዲሱ ስሙን ይሰጠዋል። ተከራይ አዲሱን ቤት ሳይረከብ የአሮጌውን ቁልፍ እንደማይመልስ ነው። መብራት በየትኛውም እርምጃ ላይ ቢሄድ ቢያንስ አንድ ሙሉ ፋይል ይተርፋል።

አንዳንድ ጨዋታ ሠሪዎች ደግሞ ሁለት ቦታ ያዘጋጁና በተራ ይጽፋሉ፤ አንድ ጊዜ ከመጀመሪያው፣ ቀጥሎ ከሁለተኛው ላይ። በእያንዳንዱ ፋይል ላይ ተራ ቁጥርና ከይዘቱ ተሰልቶ የወጣ የመቆጣጠሪያ ቁጥር ይቀመጣል። ጨዋታው ሲከፈት ስሌቱን ደግሞ ይሠራል፤ ቁጥሩ ካልገጠመ ያ ፋይል አልተሟላም ማለት ነውና ሌላውን ይወስዳል። ተጫዋቹ ምንም ሳያውቅ ከጥቂት ደቂቃ በፊት ከነበረበት ይቀጥላል።

ወደ «ስታርዱ ቫሊ» ልመለስና ነገሩን በተግባር ላሳይ። መብራቱ የሄደው ተጫዋቹ ተኝቶ ጨዋታው እየጻፈ ሳለ ነው እንበል። መብራት ሲመጣ እርሻው ከዝርዝሩ ላይ ጠፍቷል፤ ወይም ስሙ አለ፣ ሲከፈት ግን ጨዋታው ይዘጋል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ አዲስ እርሻ ይጀምራል። በዊንዶውስ ላይ ግን የዊንዶውስ ቁልፍንና R ፊደልን አንድ ላይ ተጭኖ የሚከተለውን መጻፍ ይቻላል፦

```
%appdata%\StardewValley\Saves
```

በሚከፈተው ቦታ በእርሻው ባለቤት ስምና በቁጥር የተሰየመ ፎልደር አለ። ስሙ ለምሳሌ Selam_312345678 ቢሆን በውስጡ እነዚህ አራት ፋይሎች ይገኛሉ፦

```
Selam_312345678
SaveGameInfo
Selam_312345678_old
SaveGameInfo_old
```

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የቀደመው ቀን ምዝገባ ናቸው። የተበላሸውን ለመለየት የፋይሎቹን መጠን ማየት ነው፤ አንዱ 0 ኪሎባይት ካለ ነገሩ አለቀ። መጠኑ ትክክል መስሎ ሳለም ውስጡ ባዶ የሆነበት ጊዜ ስላለ በኖትፓድ ከፍቶ ማየት ይገባል። ጤነኛው ፋይል ሲከፈት በቅንፎች የታጠረ ረጅም ጽሑፍ ይታያል፤ የተበላሸው ላይ ግን ባዶ ቦታ ብቻ ይሞላል። ይህ ከታወቀ በኋላ በመጀመሪያ መላውን ፎልደር ወደ ሌላ ቦታ ኮፒ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይህን ሳያደርጉ ምንም መንካት አይገባም። ከዚያ _old የሌላቸውን ሁለቱን ፋይሎች ከፎልደሩ ማውጣት፣ የቀሩትን የሁለቱን ስም ደግሞ _old የሚለውን እያጠፉ ማስተካከል ነው። ጨዋታው ሲከፈት እርሻው ከአንድ ቀን በፊት በነበረበት ሁኔታ ይመለሳል። ሁለቱም ጥንድ ተበላሽተው ከሆነ ግን ቀደም ሲል በፍላሽ የተቀመጠ ኮፒ ከሌለ በቀር መመለሻ የለውም።

«ማይንክራፍት» ላይም ተመሳሳይ መውጫ አለ። በጃቫው እትም የዓለሙ ዋና መረጃ level.dat በሚባል ፋይል፣ የቀደመው ደግሞ level.dat_old በሚባል ይቀመጣል፤ መፍትሔውም ያው ስም መለወጥ ነው። የ«ማይንክራፍት» ችግር ግን በዚህ አያበቃም። ዓለሙ ሰፊ ስለሆነ በብዙ ፋይሎች ተከፋፍሎ ነው የሚጻፈው፤ ተጫዋቹ የተሸከመው ዕቃ ለብቻው፣ መሬቱና ቤቱ ለብቻቸው ይመዘገባሉ። መብራት በመካከል ከሄደ የሁለቱ ጊዜ ይለያያል። ሣጥን ውስጥ ያስቀመጡት አልማዝ በሣጥኑም በእጅዎም ላይ ሊገኝ፣ ወይም ከሁለቱም ሊጠፋ ይችላል። ምንም የተበላሸ ፋይል የለም፣ ጨዋታውም ይከፈታል፤ ነገሩ የሚታወቀው ዕቃውን ሲፈልጉ ነው።

ምዝገባው በምን ቦታ ላይ ይሁን የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም። «ስሌይ ዘ ስፓየር» የተባለው የካርታ ጨዋታ በዚህ ረገድ የማደንቀው ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለመጫወት አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ነገር ግን ጉዞው በክፍሎች ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ውጊያ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈጀው። ጨዋታው ተጫዋቹ ወደ አዲስ ክፍል ሲገባ ይመዘግባል። መብራት በውጊያው መካከል ቢሄድ ሲመለስ ያው ውጊያ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ይህ ተጫዋቹ የተሸነፈበትን እንዲያታልል በር አይከፍትም ወይ? የዕጣው መነሻ ቁጥርም አብሮ ስለሚመዘገብ የሚመጡት ካርታዎች በዚያው ቅደም ተከተል ይመጣሉ። ውጊያውን መድገም ይቻላል፣ አዲስ ዕድል መጠበቅ ግን አይቻልም። መብራት የሄደበትን ሰው ሳይቀጡ ጨዋታውንም ሳያቀሉ መሥራት የሚቻለው እንዲህ ነው።

በስልክ የሚጫወት ሰው ሥጋቱ ያነሰ ነው። ባትሪው አለ፣ ሲያልቅም አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። በደንብ የተሠራ የስልክ ጨዋታ ደግሞ ስልክ ሲደወል ወይም ተጫዋቹ ወደ ሌላ ነገር ሲዞር ወዲያው ይመዘግባል፤ ከማያ ገጹ የወጣን ጨዋታ ስልኩ ቦታ ለማስለቀቅ ሲል ያለማስጠንቀቂያ ሊዘጋው ስለሚችል ነው። ቅኔ ጌምስ የሠራው «ኩኩሉ»ን የመሰለ የሩጫ ጨዋታ ከሆነ ደግሞ አንዱ ሩጫ ተጀምሮ የሚያልቀው ቶሎ ነው። በስልክ ላይ ችግር የሚሆነው ኢንተርኔት የግድ የሚል ጨዋታ ነው፤ መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል።

በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውኃ በመቀነሱ መብራት በፈረቃ በሆነበት ወቅት ቢያንስ የሚሄድበት ሰዓት አስቀድሞ ይነገር ነበር። ሰዓቱን የሚያውቅ ሰው ቀደም ብሎ ዘግቶ መነሣት ይችላል። ሳይነገር ሄዶ ሳይነገር የሚመጣው ነው ፋይል የሚያበላሸው። እንዲያውም ከመሄዱ ይልቅ የአመጣጡ ነገር ሊከብድ ይችላል። መጥቶ ወዲያው የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። ፕሌይስቴሽን 4 በትክክል ሳይዘጋ ከቀረ፣ ሲከፈት ማከማቻውን መመርመር ይጀምራል፤ ምርመራው መካከል ዳግም ኃይል ቢያጣ ጉዳቱ ይደራረባል። መብራቱ እንደመጣ ከመክፈት መረጋጋቱን አይቶ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ፣ ምርመራው ከጀመረ ደግሞ እስኪጨርስ አለመንካት ይሻላል።

አዲስ ጨዋታ ላይ ወራት ከማፍሰስ በፊት መፈተን ይቻላል። ጥቂት ደቂቃ ይጫወቱ፣ ከዚያ በታስክ ማናጀር በግድ ይዝጉትና መልሰው ሲከፍቱት የት ላይ እንደሚያገኙት ይዩ። ይህ የሚነግርዎ ምን ያህል ሥራ እንደሚጠፋ ነው። ፋይሉ ከመበላሸት መዳን አለመዳኑን ግን አያሳይም፤ ፕሮግራሙ ቢዘጋም ኮምፒውተሩ ኃይል ስላለው በማስታወሻው የያዘውን ጽፎ ይጨርሳል። ለዚያ የምዝገባ ፎልደሩን ከፍቶ ማየት ነው፤ የቀደመው ምዝገባ በሌላ ስም ተቀምጦ ካለ ጨዋታው መመለሻ አለው። አንድ ፋይል ብቻ ካገኙ በየሳምንቱ ፍላሽ ላይ ኮፒ ያድርጉ፤ በየጊዜውም በሌላ ስም ያስቀምጡት፣ የተበላሸው በጤነኛው ላይ እንዳይገለበጥ።