ሜታ 26 በመቶ የወረደበት ቀን፦ ስለ ትርፍ መግለጫና ስለ አክሲዮን ዋጋ የተሳሳቱ አመለካከቶች

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2022 የፌስቡክ እናት ኩባንያ ሜታ የ2021ን የመጨረሻ ሩብ ዓመት ውጤት ይፋ አደረገ። በማግስቱ የአክሲዮኑ ዋጋ ከ323 ዶላር ወደ 237.76 ዶላር ወረደ። በአንድ ቀን ከ230 ቢሊዮን ዶላር በላይ የገበያ ዋጋ ጠፋ። ኩባንያው ግን አልከሰረም፤ በዚያ ሩብ ዓመት ብቻ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ የተጣራ ትርፍ አግኝቷል። ችግሩ ገበያው ከዚህ የተሻለ መጠበቁ ነበር። ተንታኞች ለአንድ አክሲዮን 3.84 ዶላር ትርፍ ሲጠብቁ 3.67 ተገኘ፤ በየቀኑ ፌስቡክን የሚጠቀሙ ሰዎች ቁጥርም ካለፈው ሩብ ዓመት በጥቂቱ ቀነሰ።

ዜናው ዋጋውን በትክክል ምን ያህል እንዳንቀሳቀሰው ለመለካት የፋይናንስ ባለሙያዎች የክስተት ጥናት የሚባለውን ዘዴ ይጠቀማሉ። ዘዴው ቀላል ስለሚመስል ስለ እሱ የሚነገሩ ስህተቶችም ብዙ ናቸው።

«መግለጫው ያስከተለው ጉዳት 26.4 በመቶ ነው»

በዚያን ቀን የወረደው ሜታ ብቻ አልነበረም። የ500 ትልልቅ ኩባንያዎች መለኪያ የሆነው ኤስ ኤንድ ፒ 500 በ2.44 በመቶ ዝቅ ብሏል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ መግለጫው ባይወጣ ኖሮ አክሲዮኑ በዚያን ቀን ምን ያህል ይንቀሳቀስ ነበር የሚለው ነው። ለዚህ ከክስተቱ በፊት ያለ ጸጥ ያለ ጊዜ ይመረጥና የአክሲዮኑ የየቀኑ ለውጥ ከገበያው ለውጥ ጋር ይነጻጸራል። ከዚያ ሁለት ቁጥሮች ይወጣሉ፤ አልፋና ቤታ። ቤታ ገበያው አንድ በመቶ ሲንቀሳቀስ አክሲዮኑ በአማካይ ስንት በመቶ እንደሚንቀሳቀስ ይናገራል።

ለስሌቱ ያህል አልፋን ዜሮ፣ ቤታን 1.3 እንበል። የሚጠበቀው ለውጥ 1.3 ሲባዛ በ2.44 ነው፤ ወደ 3.17 በመቶ ቅናሽ ማለት ነው። የተገኘው 26.39 በመቶ ቅናሽ ነበር። ልዩነቱ 23.2 በመቶ ሲሆን ያልተለመደ ተመላሽ የምንለው ይህ ነው።

ይህም ቢሆን ፍጹም ንጹህ አይደለም። ሜታ ራሱ የመለኪያው አካል ነው፤ ክብደቱም በዚያን ጊዜ ወደ 2 በመቶ ይጠጋ ነበር። ስለዚህ ከገበያው 2.44 በመቶ ቅናሽ ግማሽ ነጥብ ያህሉ የመጣው ከራሱ ከሜታ ነው። ትልልቅ ኩባንያዎችን የሚያጠና ሰው የዜናውን አንድ ክፍል «ገበያው ነው» ብሎ እየቀነሰ መሆኑን ማወቅ አለበት።

«ክስተቱ የተፈጸመው መግለጫው በወጣበት ቀን ነው»

በጀማሪዎች ሥራ ላይ ደጋግሜ የማየው ይህን ስህተት ነው፤ የሚያሳዝነው ደግሞ ጥናቱን ሙሉ በሙሉ የሚያበላሽ መሆኑ ነው። ሜታ መግለጫውን ያወጣው ፌብሩዋሪ 2 ቢሆንም ገበያው ከተዘጋ በኋላ ነው። በዚያን ቀን አክሲዮኑ ከ319 ወደ 323 ዶላር ወጥቶ ነበር፤ 1.25 በመቶ ጭማሪ። ገበያው ደግሞ 0.94 በመቶ ጨምሯል። በዚያው ቤታ ብናሰላ የሚጠበቀው 1.22 ስለሆነ ያልተለመደው ተመላሽ 0.03 በመቶ ይሆናል። ቀኑን ብቻ አይቶ ሰዓቱን ያልጠየቀ ተማሪ «መግለጫው ምንም ለውጥ አላመጣም» ብሎ ይጽፋል፤ ስሌቱ ግን አንድም የሂሳብ ስህተት የለበትም። ዜሮ ቀን ተብሎ መያዝ ያለበት ገበያው ለዜናው ምላሽ መስጠት የቻለበት የመጀመሪያው የግብይት ቀን ነው፤ እሱም ፌብሩዋሪ 3።

«የመገመቻው ጊዜ በረዘመ ቁጥር ይሻላል»

አልፋና ቤታ የሚገመቱበት ጊዜ በተለምዶ ከ120 እስከ 250 የግብይት ቀናት ይሆናል፤ የሚያበቃውም ከክስተቱ በፊት ነው። በ20 ቀን የተገመተ ቤታ አይታመንም። አምስት ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ደግሞ የ2020ውን የኮቪድ ድንጋጤ ይጨምራል፤ ኩባንያውም ከአምስት ዓመት በፊት የነበረው ኩባንያ አይደለም።

ከርዝመቱ ይልቅ የሚያሳስበው የክስተቱ ቀን በመገመቻው ውስጥ መግባቱ ነው። በጸጥታው ጊዜ ሞዴሉ ሊያስረዳው ያልቻለው የየቀኑ ውዝዋዜ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን 1.7 በመቶ ነው እንበል። 23.2ን ለ1.7 ስናካፍል 13.7 እናገኛለን፤ የቲ ዋጋው ይህ ነው። አሁን ያንን አንድ ቀን ከ120 የመገመቻ ቀናት ጋር ብንቀላቅለው ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ወደ 2.7 ያድጋል፣ ቲውም ወደ 8.6 ይወርዳል። ሜታ ይህንን ይቋቋማል፤ ደካማ ምላሽ ያሳየ ኩባንያ ግን ላይቋቋም ይችላል።

«ቲው ትልቅ ከሆነ ጥርጣሬ አበቃ፤ ትንሽ ከሆነ ውጤት የለም»

በ13.7 ፊት መደበኛውን የስታቲስቲክስ ሠንጠረዥ የገለጠ ሰው፣ ይህ በአጋጣሚ የመሆኑ ዕድል ከዜሮ አይለይም ይላል። ሠንጠረዡ የሚሠራው ግን ውዝዋዜው መደበኛ ስርጭት ካለው ነው፤ የአንድ አክሲዮን የየቀኑ ለውጥ ደግሞ ሠንጠረዡ ከሚፈቅደው በላይ ጽንፍ የወጡ ቀናት አሉት። የበለጠ ታማኝ የሆነው መንገድ ቀኖቹን በደረጃ መደርደር ነው። መገመቻው 250 ቀናት ቢሆንና በውስጡ ይህን የሚያህል ቅናሽ ካልተገኘ፣ የክስተቱ ቀን ከ251 ቀናት የመጨረሻው ነው ማለት ይቻላል። ያ ዕድል 0.4 በመቶ ያህል ነው። ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ሠንጠረዡ የሚሰጠውን ያህል የተጋነነ ግን አይደለም።

በሌላው ጫፍ፣ የአንድ በመቶ ያልተለመደ ተመላሽ ለአንድ ኩባንያ በ1.7 ውዝዋዜ ውስጥ ተሰውሮ ይቀራል። ብዙ መግለጫዎች ሲደመሩ ግን ይታያል። ክሬግ ማኪንሌይ በ1997 ባሳተመው ጥናት የ30 የዳው ጆንስ ኩባንያዎችን 600 የሩብ ዓመት መግለጫዎች መርምሯል፤ የተጠቀመውም የ250 ቀን መገመቻ ነበር። መልካም ዜና ያላቸው መግለጫዎች በወጡበት ቀን አማካይ ያልተለመደ ተመላሽ 0.965 በመቶ፣ መደበኛ ስህተቱ 0.104 ነበር፤ ቲው ከ9 ይበልጣል። ነጠላ ኩባንያ ላይ «ጉልህ አይደለም» ማለት ብዙውን ጊዜ መሣሪያችን ደካማ ነው ማለት ነው።

የሙከራው አቅም ሌላም ወሰን አለው። ቲው የሜታ ዋጋ ከወትሮው ውጭ መንቀሳቀሱን ይነግረናል እንጂ ምክንያቱ የትርፉ ማነስ ይሁን የተጠቃሚዎች መቀነስ ወይስ ለቀጣዩ ሩብ ዓመት የተሰጠው ዝቅተኛ ትንበያ አይለይም። ሦስቱም የተነገሩት በአንድ ምሽት ነው።

«ሰፋ ያለ የክስተት ጊዜ ሙሉውን እውነት ያሳያል»

ፌብሩዋሪ 4 ቀን ሜታ 0.28 በመቶ ሲቀንስ ገበያው 0.52 ጨመረ። ያልተለመደው ተመላሽ ከአንድ በመቶ በታች የሆነ ቅናሽ፣ ቲውም 0.6 ገደማ ነው። ዋናው ዜና በአንድ ቀን ተጠናቋል፤ ቀኖችን መጨመር ውዝዋዜ መጨመር ብቻ ይሆናል።

የስናፕቻት እናት ኩባንያ የሆነው የስናፕ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ስናፕ የራሱን መግለጫ ያወጣው ፌብሩዋሪ 3 ገበያው ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ዜሮ ቀኑ ፌብሩዋሪ 4 ነው። በዋዜማው ግን በሜታ ዜና ተጎትቶ 23.6 በመቶ ወርዶ ነበር። በማግስቱ 58.8 በመቶ ዘለለ። ከዜሮ ቀን አንድ ቀን ቀድሞ የሚጀምር የክስተት ጊዜ የሜታን ዜና በስናፕ ስም ይመዘግባል። ሁለቱን ቀናት በቀላሉ የደመረ 35.2 በመቶ ያገኛል፤ አክሲዮኑን በእጁ ይዞ የቆየ ሰው ያገኘው ግን 21.3 በመቶ ነው። ዜሮ ቀኑን ብቻ የወሰደም ከችግሩ አያመልጥም፤ ከ58.8ቱ የተወሰነው የዋዜማው ድንጋጤ መቀልበስ ነውና። የስናፕን መግለጫ ዋጋ ከእነዚህ ቁጥሮች በአንዱም ብቻውን ማወቅ አይቻልም፤ እንዲህ ያለ ኩባንያ ከናሙናው ቢወጣ ይሻላል።